ዕጣና ወለድ
ስለ ዕቁብ አሠራርና ስለ ባንክ ብድር የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የስፌት መኪና ለመግዛት የምትመኝ አንዲት ልብስ ሰፊ፣ ከዕለት ገቢዋ ጥቂት በጥቂት እያስቀረች ብታጠራቅም፣ ዓመት ሲሞላ የመኪናውን ዋጋ በእጇ እንደምታገኝ ታውቃለች፤ የሚያስጨንቃት ያን ዓመት ሙሉ መኪና ሳይኖራት፣ በመርፌ እየሰፋች፣ መኪና ያላት ጎረቤቷ በአንድ ቀን የምትጨርሰውን ሥራ እርስዋ በሦስትና በአራት ቀን እየፈጸመች የምትቆይ መሆንዋ ነው። ብድር የሚባለው ነገር ሁሉ ለዚህ ጭንቀት የተገኘ መፍትሔ ነው፤ የነገውን ገቢ ዛሬ እንድንጠቀምበት የሚያስችል ሥርዓት ስለ ሆነ፣ ጠባዩን ስንመረምረው የምናገኘው የጊዜን መለዋወጥ ነው። ባንክ ይህን ጊዜ በዋጋ ይሸጠዋል፤ ዋጋውንም ወለድ እንለዋለን። ዕቁብ ደግሞ ይህንኑ ጊዜ በማኅበርተኞች መካከል በዕጣ ያከፋፍለዋል። በዛሬው ንግግሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው፣ በሁለቱ ሥርዓቶች መካከል የምናየው ልዩነት ሁሉ፣ ማለት የዋስትናው፣ የመጠኑ፣ የአደጋውም ልዩነት፣ ከዚህ ከአንዱ መሠረት የሚፈልቅ መሆኑን ነው።

አስቀድሜ አንድ ዕቁብ በፊታችሁ ላቁም። በአንድ የገበያ ሥፍራ የሚተዋወቁ 12 ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር ሊጥሉ ተስማሙ እንበል። ከመካከላቸው ስሙ የታመነ አንድ ሰው ዳኛ ይሆናል፤ አንዱ ጸሐፊ ሆኖ መዝገብ ይይዛል፤ ብዙ ጊዜም ገንዘቡን የሚቀበል ሌላ ሰው ይመረጣል። በተወሰነው ቀን ሁሉም ድርሻውን ካስገባ በኋላ፣ የ12ቱ ስም በብጣሽ ወረቀት ተጽፎ ተጠቅልሎ ይቀላቀላል፤ በምስክር ፊት አንዱ ይወጣል፤ ስሙ የወጣለትም ሰው 12,000 ብሩን ይረከባል። በሁለተኛው ወር ሁሉም፣ ያ ዕጣ የደረሰውም ሰው ጭምር፣ እንደ ገና 1,000 ብር ይጥላሉ፤ ዕጣው ግን ከቀሩት 11 ሰዎች መካከል ብቻ ይወጣል፤ እንዲህ እየተባለ በ12ኛው ወር የመጨረሻው ሰው ድርሻውን ሲቀበል ዙሩ ይፈጸማል። በብዙ ዕቁቦች ዳኛው ለድካሙ ዋጋ የመጀመሪያውን ድርሻ ያለ ዕጣ ይወስዳል፤ በሌሎቹም ከየዕጣው ጥቂት ገንዘብ ለእርሱና ለመስተንግዶ ይቀነሳል። የጊዜው ርዝመት እንደ ማኅበሩ ጠባይ ይለያያል፤ ደመወዝተኞች በወር፣ ነጋዴዎች በሳምንት፣ የዕለት ገቢ ያላቸው ደግሞ በየዕለቱ ይጥላሉ።

በዚህ አሠራር ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ልናስተውለው የሚገባን፣ ዕቁብ የራሱ የሆነ ካዝና የሌለው መሆኑን ነው። ገንዘቡ በገባበት ቀን ይወጣል፤ ከሰብሳቢው እጅ የሚያድር ጥሪት የለም፤ ስለዚህም የሚጠብቀው ዘበኛ፣ የሚያስተዳድረው ሹም፣ የሚመረምረው ኦዲተር ሳያስፈልገው ይኖራል። ወጪው እጅግ አነስተኛ የሆነበት ምክንያት ይህ ነው፤ ኋላ እንደምናየው፣ ደካማነቱም ከዚሁ ይመነጫል።

እንግዲህ ከእነዚህ ከ12ቱ ሰዎች መካከል አበዳሪው ማን ነው? ተበዳሪውስ ማን ነው? ይህን ለማወቅ አንድ መለኪያ እናብጅ፤ 1,000 ብር አንድ ወር ሙሉ በሌላ ሰው እጅ መቆየቱን አንድ መስፈሪያ እንበለው። አንደኛውን ዕጣ ያገኘው ሰው የራሱን 1,000 ብር ጥሎ 12,000 ስለ ተቀበለ፣ የባልንጀሮቹን 11,000 ብር ይዞ ወደ ሁለተኛው ወር ይገባል፤ በሚቀጥለው ወር 10,000፣ ከዚያም 9,000 እያለ ዕዳው እየጐደለ ይሄዳል፤ ከ11 ጀምረን እስከ 1 ስንደምር 66 መስፈሪያ ተበድሮአል ማለት ነው። የመጨረሻው ሰው በተቃራኒው ከ1 እስከ 11 እያደገ የሚሄድ 66 መስፈሪያ አበድሮ በመጨረሻ ገንዘቡን ያለ ጭማሪ ይረከባል። በመካከል ያለው፣ ለምሳሌ ስድስተኛው፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት 15 መስፈሪያ አበዳሪ ሆኖ ከቆየ በኋላ በቀሩት ወራት የ21 መስፈሪያ ተበዳሪ ይሆናል። እነሆ ከፊተኛውና ከኋለኛው በቀር የዕቁቡ ሰው ሁሉ በአንድ ዙር ውስጥ አበዳሪም ተበዳሪም ሆኖ ይገኛል፤ በባንክ ቤት ግን አስቀማጩና ተበዳሪው እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ፣ በሁለት መስኮት የሚስተናገዱ ሰዎች ናቸው።

አሁን ወደ ልብስ ሰፊዋ እንመለስ። ብቻዋን ብታጠራቅም መኪናዋን የምትገዛው በ12ኛው ወር ነው። ዕቁብ ከገባች ግን ዕጣዋ ከአንደኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ባለው በማንኛውም ወር ሊወጣ ይችላል፤ በአማካይ ሲታሰብም በስድስተኛውና በሰባተኛው ወር መካከል ታገኘዋለች። ከ12ቱ ሰዎች 11ዱ ብቻቸውን ቢያጠራቅሙ ከሚያገኙበት ጊዜ ቀድመው ያገኛሉ፤ የመጨረሻው ሰው እንኳ ብቻውን ቢሆን ከሚያገኝበት ወር አይዘገይም። ይህ ትርፍ ከወዴት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ መልሱ ቀላል ነው፤ 12 ሰዎች ለየብቻቸው ሲያጠራቅሙ በ12 ሣጥን ውስጥ ያለ ሥራ የሚተኛው ገንዘብ፣ በዕቁብ ጊዜ አንድም ሌሊት ሳይተኛ ወደ ሥራ ስለሚሄድ ነው። የመጨረሻውም ሰው ቢሆን የሚያገኘው ጥቅም አለ፤ ይኸውም በየወሩ የሚጠብቁት 11 ሰዎች ስላሉ፣ በሣጥን ቢያስቀምጠው ኖሮ ለድግስና ለዘመድ ችግር የሚበተነው ብር ሳይነካ ይደርስለታል።

ሆኖም ዕጣ የሰውን ችግር አያውቅም፤ የክረምቱ ዕቃ የሚያስፈልገው ነጋዴ በሰኔ ሲጠብቀው ዕጣው በታኅሣሥ ይወጣ ይሆናል። ለዚህ ማኅበርተኛው ሁለት መንገድ አበጅቶአል። አንደኛው፣ ለቅሶ ወይም ሕመም ያገኘውን ሰው ዳኛው ሌሎቹን አማክሮ ማስቀደም ነው። ሁለተኛው ዕጣ መሸጥ ይባላል። በሦስተኛው ወር ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን አሁን የማይሻው ቢሆን፣ ዕጣውን ገና ላልደረሰውና ለቸኮለው ባልንጀራው 600 ብር ተቀብሎ ይለቅለታል፤ እርሱም ስሙን መልሶ ከቀሩት ጋር ያስገባል። ይህ 600 ብር ምን እንደ ሆነ እንመርምረው። ገዢው ሳይገዛ ቢጠብቅ ዕጣው ከአራተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ወር ባለው ጊዜ ይደርሰው ነበር፤ የዚህም አማካይ ስምንተኛው ወር ነው። ስለዚህ 12,000 ብርን በአምስት ወር ለማስቀደም 600 ብር ከፈለ፤ ይህም ለአምስት ወር ከመቶ 5፣ ለአንድ ዓመት ከመቶ 12 ገደማ ይመጣል። ወለድ የለውም የምንለው ዕቁብ፣ ጊዜ ዋጋ በሚያወጣበት ቦታ ሁሉ የወለድ አምሳያ በራሱ ሥርዓት ያበቅላል ማለት ነው። ልዩነቱ የዋጋው መንገድ ላይ ነው፤ በባንክ የሚከፈለው ወለድ ለአስቀማጩና ለባለ አክሲዮኑ ይሄዳል፤ በዕጣ ሽያጭ ግን የቸኮለው ለታገሠው ባልንጀራው ይከፍላል። በህንድ አገር ቺት ፈንድ በሚባለው ተመሳሳይ ማኅበር ደግሞ ዕጣው በጨረታ ይሸጥና የተቀነሰው ገንዘብ ለማኅበርተኛው ሁሉ ይከፋፈላል፤ የጊዜ ዋጋ በዚያ በግልጽ ይነገራል፤ በእኛ ዘንድ በሁለት ሰዎች መካከል በሹክሹክታ ይፈጸማል።

ይህን ካየን በኋላ ወደ ባንክ ብድር እንሻገር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የአቢሲኒያ ባንክን በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ካስከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ ባንክ በአገራችን ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ኖሮአል። የባንክ ሥራ ከብዙ የማይተዋወቁ ሰዎች ገንዘብ እየተቀበለ ለሌሎች የማይተዋወቁ ሰዎች ማበደር ነው። አስቀማጩ በፈለገው ቀን ገንዘቤን አምጣ ሊል ስለሚችል፣ ተበዳሪው ደግሞ የሚመልሰው በዓመታት ስለ ሆነ፣ ባንኩ በሁለቱ መካከል ቆሞ አደጋውን የሚሸከም ካፒታልና ተጠባባቂ ገንዘብ ሊኖረው ግድ ነው። ተበዳሪውን በጎረቤትነት ስለማያውቀው በጠባዩ ፈንታ መያዣ፣ ማለት ቤትን፣ መሬት ላይ ያለ ሕንፃን ወይም ተሽከርካሪን ይጠይቃል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 ከብትንና ሰብልን የመሰለ ተንቀሳቃሽ ንብረትም ለዋስትና እንዲሆን በር ከፍቶአል፤ ይሁን እንጂ በመርፌ የምትሰፋ ሴት የምታስይዘው ንብረት የላትም፤ ያላት ስምዋና የእጅዋ ሙያ ብቻ ነው፤ እነዚህን ደግሞ በፋይል ላይ ማስፈር አስቸጋሪ ነው።

የዋጋውንም ነገር በስሌት እናስተያየው። ለንጽጽር እንዲመች በዓመት ከመቶ 12 ወለድ እንውሰድ፤ ይህም በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር ሊያስገባው የሚችለው የውል ወለድ ጣሪያ ነው። በዚህ ሂሳብ አንድ መስፈሪያ በወር 10 ብር ያወጣል፤ ስለዚህ በአንደኛው ዕጣ ያገኘው ሰው ያንኑ 11,000 ብር በ11 ወር እየመለሰ ቢበደር ኖሮ 660 ብር ወለድ ይከፍል ነበር። የመጨረሻው ሰው በበኩሉ በየወሩ 1,000 ብሩን በቁጠባ ሒሳብ ቢያስቀምጥ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ ብሎ በወሰነው ከመቶ 7፣ 385 ብር ያገኝ ነበር። እንግዲህ ዕቁብ ነፃ ነው የሚለው አነጋገር ከፊሉ ብቻ እውነት ነው፤ ፊተኛው የሚያተርፈውን ኋለኛው ይከፍለዋል፤ ማን ፊተኛ ማን ኋለኛ እንደሚሆን የሚወስነው ዕጣ ስለ ሆነ ግን ሁሉም በእኩል ተስፋ ይገባሉ፤ በብዙ ዙር ውስጥም ፊትነቱና ኋላነቱ እየተዛወረ ይካካሳል። አራጣን በሚከለክለው በፍትሐ ነገሥት ለሠለጠነ ክርስቲያንም፣ ወለድን እንደ ኃጢአት ለሚቈጥር ሙስሊምም ዕቁብ ኅሊናን የማይከብድ ሆኖ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ዋጋ ሲወድድ ግን ይህ እኩልነት ይሰበራል። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን የዋጋ ንረቱ በዓመት ከመቶ 30 በላይ ነበር። ዋጋ በዓመት ከመቶ 30 በሚወጣበት ዘመን፣ በመጨረሻው ወር የሚደርስ 12,000 ብር የሚገዛው በመጀመሪያው ወር 9,400 ብር ገደማ ይገዛው የነበረውን ብቻ ነው። በባንክ ያስቀመጠውም ሰው ከመቶ 7 እየተቀበለ ከዚህ ጉዳት አያመልጥም፤ ተበዳሪ ግን በሁለቱም ቦታ ይጠቀማል። ነጋዴዎች በእንዲህ ያለ ዘመን ዙሩን የሚያሳጥሩት፣ የወሩን ዕቁብ የሳምንት የሚያደርጉት፣ ይህን በልማድ ስለሚያውቁት ነው፤ 12 ሳምንት የቆየ ብር 12 ወር እንደ ቆየው አይሟሽሽም።

አሁን ደግሞ ወደ ዋነኛው አደጋ እንድረስ። በአንደኛው ወር 12,000 ብር የተቀበለው ሰው እስከ አራተኛው ወር ድርሻውን ጥሎ ከዚያ በኋላ ቢቀር ምን ይሆናል? የቀረበት ዕዳ 8,000 ብር ነው። ከአምስተኛው ወር ጀምሮ እያንዳንዱ ዕጣ 11,000 ብር ብቻ ይሆናል፤ ጉዳቱም ገና ዕጣ ባልወጣላቸው 8 ሰዎች ላይ እያንዳንዳቸው በ1,000 ብር ይወድቃል፤ ከዚያ ቀደም ዕጣ የደረሳቸው ሦስቱ ግን የተቀበሉት ሙሉ ስለ ሆነ ምንም አይጐድልባቸውም። ከዚህም የሚከተለው ክፉ ነገር ይብሳል፤ በአምስተኛው ወር የተቀበለው ሰው ማኅበሩ ሲናጋ አይቶ እኔስ ስለ ምን እጥላለሁ ቢል፣ ሁለተኛው ክፍተት ከመጀመሪያው ይፈጥናል። ዕቁብ ካዝና ስለሌለው ይህን ክፍተት የሚሞላበት የራሱ ገንዘብ የለውም፤ ባንክ ግን አንድ ተበዳሪ ሲጠፋ ከትርፉና ከተጠባባቂው ያወራርደዋል፤ አስቀማጩም ወሬውን ላይሰማ ይችላል።

ስለዚህ ዕቁብተኛ ገንዘብ ሊረከብ ሲነሣ ዋስ ጥራ ይባላል። ዋስ የሚሆነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይበልጣል። አስቀድመን እንዳየነው የሚጎዱት ዕጣ ያልደረሳቸው ናቸውና፣ ብልህ ዳኛ ዋሶቹ ከእነርሱ ወገን እንዲሆኑ ይሻል፤ ሁለት እንዲህ ያሉ ዋሶች ቢኖሩ በምሳሌያችን የቀረው 8,000 ብር ለእያንዳንዳቸው 4,000 ይደርሳቸዋል፤ ዕጣቸው ሲወጣም ዳኛው ከሚቀበሉት ላይ ሊያስቀረው ይችላል። ይህ ዋስትና ፍርድ ቤት ሳይኬድ የሚፈጸም ነው። ዕጣ የደረሳቸው ሰዎች ግን እርስ በርሳቸው ዋስ ሲሆኑ፣ ወረቀቱ ሙሉ ሆኖ ዋስትናው ባዶ ነው። በትልልቅ የነጋዴ ዕቁቦች ደግሞ ገንዘቡን የሚረከበው ሰው ለቀሪው ዕዳ ሰነድ ወይም ቼክ ይፈርማል፤ በዚህ ጊዜ ዕቁቡ የጎረቤት ዕውቀትን በሕግ ኃይል መደገፍ ጀምሮአል፤ ወደ ባንክም ጠባይ አንድ እርምጃ ቀርቦአል።

አደጋው ከመድረሱ በፊት ምልክቱ ይታያል። ዕጣ ከደረሰው በኋላ ድርሻውን በሰው እጅ መላክና ቀኑን ማሳለፍ የጀመረ ሰው፣ መዝገቡን ለማኅበርተኛው የማያሳይ ዳኛ፣ አንድ ሰው በሦስትና በአራት ዕቁብ ገብቶ የአንዱን ዕጣ ለሌላው መዋጮ ሲያደርገው፣ እነዚህ ሦስቱ የመፍረስ መቅድም ናቸው። አራተኛውም የመጠን ነገር ነው፤ በየሳምንቱ የሚጣለው ገንዘብ ከሱቁ የሳምንት ትርፍ ከበለጠ፣ ሰውዬው የሚጥለው ከዋናው ገንዘቡ ስለ ሆነ፣ አንድ መጥፎ ሳምንት ይጥለዋል።

ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ሊቅ ክሊፎርድ ጊርትዝ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ባወጣው ጽሑፍ፣ እንዲህ ያሉትን ማኅበራት ገበሬው ወደ ነጋዴነት፣ ከዚያም ወደ ዘመናዊ ባንክ ሲወጣ የሚረግጣቸው የመካከል ደረጃ ናቸው፤ ባንክ ሲስፋፋ ይቀራሉ ብሎ አስቦ ነበር። በጃፓን አገር የሆነው ነገር ሐሳቡን የሚደግፍ ይመስላል፤ ሙጂን የሚባሉት የዕጣ ማኅበራት ተስፋፍተው የማይተዋወቁ ሰዎችን የሚያገናኙ ኩባንያዎች ወደ መሆን ሲደርሱ፣ መንግሥት በዚሁ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1915 ሕግ አወጣላቸው፤ በ1951ም ወደ ኅብረት ባንክነት ተለወጡ። ይሁን እንጂ በመርካቶ ሁለትና ሦስት የባንክ ሒሳብ ያለው ነጋዴ ዕቁቡን አልተወም፤ ባንክ በየመንገዱ በሞላበት በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችንም ዕቁብ ይጥላሉ። ይህ ሊሆን የቻለው፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ ሁለቱ ሥርዓቶች በአንድ መሰላል ላይ ያሉ ደረጃዎች ስላልሆኑ ነው፤ የጃፓኑም ታሪክ ቢሆን የሚያስተምረን፣ ዕቁብ መተዋወቅን ሲያጣ ዕቁብነቱ የሚያበቃ፣ የባንክ ካፒታልና የባንክ ሕግ የግድ የሚያስፈልገው መሆኑን ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ እንግዲህ ይህ ነው። የሚያስፈልገው ገንዘብ በአንድ ዙር ውስጥ ከራስ ገቢ ሊተካ የሚችል ከሆነ፣ የሚፈለግበትም ቀን ጥቂት ወራት ወዲህና ወዲያ ቢል የማይጎዳ ከሆነ፣ ማኅበርተኞቹም ገቢያቸውን እርስ በርስ የሚያዩ ከሆኑ ዕቁብ ከባንክ ይሻላል፤ ልብስ ሰፊዋም ቦታዋ እዚህ ነው። ለአሥር ዓመት የሚከፈል ቤት፣ ከማኅበሩ ሁሉ ገቢ የሚበልጥ ፋብሪካ፣ ወይም ቀኑ ቁርጥ የሆነ የዕቃ ማስመጫ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ግን ዕጣን ሊጠብቅ አይችልምና ወለዱን ከፍሎ ባንክ ዘንድ መሄድ ይገባዋል። ባንኮችም የሚማሩት አለ፤ አሥር ዓመት ሳያቋርጥ ዕቁብ የጣለ ሰው መዝገብ፣ ቤት ከሌለው ሰው ሊገኝ የሚችል ከሁሉ የታመነ የብድር ምስክር ነውና፣ የዕቁብ ጸሐፊዎች መዝገባቸውን በቀን፣ በመጠንና በፊርማ አጥርተው ቢይዙት፣ ባንኮችም ያን መዝገብ እንደ ማስረጃ ቢቀበሉት፣ መያዣ የሌላት ልብስ ሰፊ ሁለተኛውን መኪናዋን ለመግዛት ስትነሣ በባንኩ መስኮት ፊት የምታቀርበው ነገር ይኖራታል።